የአማቴ ሆድ ማጠቢያ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የሰው ሰገራ ማየት ነበር። ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ አረጀሁ። ገበያ መሀል አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሳያየኝ የሚያልፍ ሹም ሁሉ አንድ ቀን በክብሪት ቀፎ ቋጥሮ ያመጣልኝን ነገር አውቃለሁ። ወስፋት ያለበትን አውቃለሁ። ጥሬ ሥጋ ትቻለሁ ብሎ ለሚስቱ የማለውን፣ ግን ያልተወውን፣ አውቃለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልናገርም። ያ የሥራ ምስጢር ነው።

የባሌ ቤተሰብ ጉዳይ ግን የሥራ ምስጢር አይደለም። እነሱ ስለ እኔ ያልተናገሩት የለም፤ እኔም ተራዬ ነው።

በመጀመሪያ የባሌ ታላቅ እህት። እትዬ እላታለሁ። በአፌ ሁልጊዜ «እርስዎ» ስላት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ «አለች» እያልኩ እጽፋታለሁ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት መናኸሪያው አጠገብ፣ የሻኪሶ መኪና ከሚጫንበት ፊት ለፊት፣ መድኃኒት ቤት ከፈተች። ነጭ ካፖርት አሰፍታ ለበሰች። ነጭ ካፖርት እኔም ነበረኝ፤ የእኔን ግን ማንም አያይም ነበር።

ወንድሟ እኔን ሊያገባ ሲነሳ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ፣ «በዚያ እጇ ነው ሽሮ የምትሠራልህ?» ብላዋለች። ሰምቻለሁ። ግድግዳው ጭቃ ነበር፤ ጭቃ ደግሞ ድምፅ ያሳልፋል። ከዚያ ወዲህ ስታስተዋውቀኝ «የወንድሜ ሚስት፣ የሰገራ አንባቢዋ» ትላለች፤ ስኒ አንባቢ እንደሚባለው። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ሲስቁ ጥርስ ይታያል እንጂ ሆድ አይታይም።

ከዚያ አማቴ። እማማ እላቸዋለሁ። ወታደር ባላቸውን ተከትለው ከሰሜን ወርደው ነገሌ የቀሩ፣ ከእኛ ጋር የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። በልጅነታቸው አገራቸው ሳሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ኮሶ ለማያውቅ ልንገር፤ መራራ ነው፣ ሆድ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያወጣል፣ የኮሶ ትሉንም ያወርዳል። አማቴ ግን ትል ኖረም አልኖረም፣ ሆድ በየሁለት ወሩ ካልታጠበ ሰው ንጹሕ አይደለም ባይ ነበሩ። ቤት ይጠረጋል፣ ልብስ ይታጠባል፤ ሆድ ከእነሱ በምን ያንሳል ይላሉ።

ነገሌ ላይ ኮሶ እንደ አገራቸው አይገኝም። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ስትከፍት ችግሩ ተፈታ። እኔ ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው ባጃጆች ከተማችን በገቡበት ሰሞን ነው። አማቴን ሆድ ያዛቸው። በመጀመሪያ ቀለል ያለ ተቅማጥ ነበር። ከዚያ በረታ። ከዚያ ትኩሳትና ቁርጠት መጣ። ሌሊቱን ፖፖ ማቀበል የእኔ ሥራ ሆነ፤ «ለምዳዋለች» ተብሎ።

ጥፋተኛው ወዲያው ተገኘ። እኔ ነበርኩ።

አንዲት ቦረና ሴት በየሳምንቱ ከገጠር ወተት ታመጣልኝ ነበር። አዴ እላታለሁ። ጎርፋ በሚባለው የተሠፋ ዕቃቸው ውስጥ ቀናት አስቀምጠው የሚያረጉት ወፍራም እርጎ አላቸው፤ ኢቲቱ ይሉታል። ለአማቴም አልፎ አልፎ እሰጣቸው ነበር። እትዬ የእናቷን መታመም ሰምታ እንደመጣች ጫማዋን ሳታወልቅ ገባችና ዕቃውን በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«ይኼን ነው የምታበያት?»

«ሁላችንም በልተናል፣ እትዬ። ልጆቹም በልተዋል።»

«እናንተ ወጣት ናችሁ። እማዬ አሮጊት ናት። አንቺ ደግሞ ከጀርም ጋር ውለሽ ትመጫለሽ።»

ባሌ ሬዲዮኑን ያስተካክል ነበር። ያ ሬዲዮ እኔ በተሰደብኩ ቁጥር ይበላሽ ነበር።

በማግሥቱ አማቴ መቆም አቃታቸው። አፋቸው ደረቀ። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ እትዬ ከኋላ ደግፋቸው፣ እኔ ከሹፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ላይ። ዶክተሩ ጉሉኮስ እንዲሰቀልላቸው አዘዘ። የሊበን አርብቶ አደር ልጅ ነው፤ ሲገባ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ነው የሚገባው፤ ሲያስብ ጆሮውን ይጎትታል። ሰገራ ይታይ አለ። ሰገራው ወደ ማን እንደሚመጣ ግልጽ ነው።

አየሁት። አሜባ የለም። ጃርዲያ የለም። የትል እንቁላል የለም። ነጭ የደም ሴል ሞልቷል፤ ይህም አንጀቱ መቆጣቱን ይናገራል እንጂ ማን እንዳስቆጣው አይናገርም። ወረቀቱ ላይ እንደተለመደው «ጥገኛ ተሕዋስ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልበል። ሰገራ በጨው ውሃ በጥብጦ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው የሚፈልገው እንግዳውን ነው፤ አሜባውን፣ ትሉን። ከበስተኋላ ያለውን አያይም። ከበስተኋላ ግን ባክቴሪያ እንደ ገበያ ቀን ግጥም ብሎ ነው ያለው፤ ዱላ መሳይ፣ ክብ ክብ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ዝም ብሎ የተጋደመ። ከሰገራ ደረቅ ክብደት ትልቁ ድርሻ እነሱ ናቸው። እኛ ያን ሁሉ ሕዝብ «ምንም የለም» ብለን እናልፈዋለን። ልናሳድገው ብንሞክር እንኳ አብዛኛው አየር ሲነካው ስለሚሞት በእኛ ሳህን ላይ አይበቅልም። እኔ በቤቴም ከበስተኋላ ስለኖርኩ የእነሱን ነገር ሲነግሩኝ ቶሎ ይገባኛል።

ዶክተሩ አልጋው አጠገብ ቆሞ ጠየቀ። «እማማ፣ ሰሞኑን የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም አልወሰድኩም።»

ወደ እትዬ ዞረ። «እርስዎስ ሰጥተዋቸዋል?»

«ኧረ ምንም» አለች። የነጠላዋን ጥለት ታስተካክል ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ «እርጎ በልታለች እንጂ» ብላ ወደ እኔ ተመለከተች።

ዶክተሩ ጆሮውን ጎተተ። «እርጎው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እንዲህ አያደርግም። ያልተፈላ ወተት የራሱ በሽታ አለው፤ እሱን ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ። ይኼ ግን የእሱ አይመስልም።»

ይህን ሲል ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣኝም፤ አመስግኜዋለሁ ግን። እትዬ ፊቷን አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ወደ አልጋው ስመለስ አማቴ ብቻቸውን ነበሩ። ደክመዋል፤ ግን ፊታቸው ላይ አንድ እርካታ አየሁ። ትራሱን ሳስተካክልላቸው እጄን ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ተነፍቷል» አሉ። «አየሁሽ። ቁራሽ በበላሽ ቁጥር ትነፊያለሽ።»

«ደህና ነኝ፣ እማማ።»

«ታጠቢ።» የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ቀይና ጥቁር ካፕሱል ወጣ፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ። «አንዷን ዋጪ። ማታ አንድ፣ ጠዋት አንድ። እኔን ዘንድሮ በደንብ ያዘልኝ። አታይም እንዴት እንደሚጠርገኝ?»

አምፒሲሊን ነበር። እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠይቄያቸው ተረዳሁ፤ ዓመታት ሙሉ በየሁለት ወሩ በኮሶ ፈንታ ሲውጡት ኖረዋል። ካፕሱሉን እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትም፤ ማጠቢያ ነው። ተቅማጡ ሲጀምራቸው ደስ አላቸው፤ ልክ እንደ ኮሶው ሠራ ብለው። በበረታ ቁጥር ጨመሩበት። «መድኃኒት ወስደዋል?» ሲባሉ «አልወሰድኩም» ያሉት ውሸት አልነበረም። እትዬ ያለችው ግን ውሸት ነበር። እሷ አምፒሲሊን ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ስትሸጠው ነው የኖረችው።

ካፕሱሏን አልዋጥኳትም። ጨብጬ ዶክተሩን ፍለጋ ሄድኩ። እሱና እትዬ በሩ ላይ ተገጣጠሙ፤ እኔም መዳፌን በሁለቱ መሀል ዘረጋሁ። ለዚያች ደቂቃ ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ አልናገርም።

«ይኼ መድኃኒት አይደለም» አለች እትዬ፣ ቀድማ። «ለሆድ ማጽጃ ነው የምትወስደው።»

«አጽድቷል እኮ» አለ ዶክተሩ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ አልጋው ገባና አማቴ ጎን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እማማ፣ አገርዎ ከብት ነበራችሁ?»

«ከብት የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

«ላም ሣር ትበላለች። ሣሩን ግን ራሷ አትፈጨውም። ሆዷ ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ነዋሪዎች ናቸው አብላልተው የሚያቀርቡላት። የሰው ትልቁ አንጀትም እንደዚያው ነዋሪ አለው፤ ዓይነቱ በመቶዎች ነው፣ ብዛቱማ አይቆጠርም። የጤፉን፣ የባቄላውን፣ የጎመኑን አሰር ጨጓራዎ መፍጨት አይችልም። እነሱ ያብላሉታል። ከሚያብላሉት የሚወጣው አሲድ የአንጀትዎ ግድግዳ ቀለብ ነው፤ ውሃውም ተመልሶ ወደ ሰውነት የሚገባው በዚያ ታግዞ ነው። አንዳንዱ ቫይታሚንም ይሠራል።»

«ሆዴ ውስጥ?» አሉ አማቴ፣ እንደተሰደበ ሰው።

«ሆድዎ ውስጥ። ሌላም ሥራ አላቸው። ቦታውን ይዘዋል፣ ምግቡንም ይሻማሉ። ክፉ ባክቴሪያ ከውጭ ሲገባ የሚቀመጥበትም የሚበላውም ያጣል። የሐሞቱን ፈሳሽ ሳይቀር እሱ ወደማይወደው ዓይነት ይለውጡበታል። አንዳንዶቹም እሱን የሚገድል ነገር ያመነጫሉ። እርስዎ በዚህ ካፕሱል ነባሮቹን ጨረሷቸው። አንድ ክፉ አለ፤ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር የሚተኛ፣ ካፕሱሉ የማይነካው። ቤቱ ባዶ ሲሆን ይነቃል። ሲነቃ መርዝ ያመነጫል፣ አንጀቱን ያቆስላል። ያ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ የሚያረጋግጥ ምርመራ የለንም፤ ግን ሁሉም ነገር ወደዚያ ያመለክታል።»

«ታዲያ ይቺ ስታጥበኝ፣ ፖፖ ስትሸከም የኖረችው ለምን አልታመመችም?» አሉ አማቴ ወደ እኔ እያመለከቱ። ቅር ያላቸው ይመስል ነበር።

«ዘሩ ወደ እሷም ገብቶ ይሆናል። የእሷ ነዋሪዎች ግን ቦታቸው ላይ ናቸው፤ አላስተናገዱትም።»

ካፕሱሉ ቆመ። ሜትሮኒዳዞል ታዘዘ። እትዬ ይህን ስትሰማ ነፍስ ዘራች።

«እሱም ያው ፀረ ባክቴሪያ አይደል? ታዲያ የእኔ በምን ይለያል?»

«ክፉውን ለመምታት ነው። ከነባሮቹም የተወሰኑትን ይጎዳል፣ አልዋሽዎትም። ግን ወራሪው ሲወድቅና ሌላው ካፕሱል ሲቀር የቀሩት መልሰው ይራባሉ። ጊዜ ይስጧቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ አልኮል ይህን ዘር አይገድለውም። ፖፖውን በበረኪና» አለ።

ተቅማጡ ጋብ አለ። ትኩሳቱ ጠፋ። አማቴ በእግራቸው ወደ ባጃጁ ሄዱ። እትዬ ለጎረቤት «ልጄ አዳነችኝ» እንዲሉላት አፏን ከፍታ ትጠብቅ ነበር፤ እሳቸውም አሉላት። እኔ ፖፖ በበረኪና እያጠብኩ ሰማሁ።

ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ተቅማጡ፣ ቁርጠቱ፣ ሁሉም። እንደገና ሆስፒታል አስተኛናቸው። ዶክተሩ ይህ በሽታ እንዲሁም ሊመለስ እንደሚችል ነግሮን ነበር፤ ነባሮቹ ገና አልሞሉም። እኔ ግን የነጠላቸውን ጫፍ አየሁ። አዲስ ቋጠሮ ነበር። «የቀረው ይጠረግልኝ ብዬ ነው» አሉ፣ ያለ አንዳች እፍረት። ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው ሳል ያዛቸው። ዶክተሩም ቋጠሮውን ዓይቶ፣ በዚህ ዕድሜ ይህ ነገር ደጋግሞ ከተመለሰ ሊገድላቸው እንደሚችል በፊታቸው ተናገረ። ባሌ ለመነ። ቄሱም መጥተው መከሩ። አማቴ ሁሉንም በእሽታ ሰሙ፤ ቋጠሮውን ግን በብብታቸው ሥር አስገቡት። እንዳልነጥቃቸው እትዬ በር ላይ ቆማለች። «እናቴን በጉልበት ልትነኪያት ነው?» ትለኛለች።

ያን ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ዶክተሩ የሌላ በሽተኛ ውጤት ሊወስድ መጣ። እኛ ቦረናዎች፣ አለኝ፣ ላም ማመስኳት ስታቆም ከጤነኛ ላም አፍ ምስኳቱን ወስደን እናጎርሳታለን። በሰለጠነው አገርም ይህ በሽታ አልድን ሲል የጤነኛ ሰው ሰገራ ተመርምሮ፣ ተበጥብጦ፣ በቱቦ በበሽተኛው አንጀት ይገባል። ነዋሪዎቹን በጅምላ ማስፈር ማለት ነው። «እዚህ አናደርገውም፤ ለጋሹን የምንመረምርበት የለንም» አለ።

«ለጋሹ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩት።

«ጤነኛ። በቅርብ ጊዜ ካፕሱል ያልዋጠ።»

ዕቃዬን ሳላጥብ ወደ አማቴ አልጋ ሄድኩ ብል አይጋነንም።

ሁሉም ነበሩ፤ አማቴ፣ እትዬ፣ ባሌ። «ዶክተሩ ሌላ ሕክምና እንዳለ ነግሮኛል» አልኩና የላሟን ነገር፣ የቱቦውን ነገር ተረኩላቸው። «እዚህ አይደረግም» የሚለውን ለማስከተል አልቸኮልኩም።

«የሰው ምን?» አሉ አማቴ።

«የሰው ሰገራ፣ እማማ።»

«በማን ላይ ነው የምትቀልጂው?» አለች እትዬ። በዚህ መሀል ዶክተሩ ገባ። እሷም ልታሳጣኝ ወዲያው ዞረች። «ዶክተር፣ ይቺ የምትለው እውነት ነው? ሰገራ በሰው ሆድ ይገባል?»

«እውነት ነው» አለ ዶክተሩ። «ደጋግሞ ሲመለስ በጣም ይሠራል።»

አማቴ አንዴ እትዬን፣ አንዴ ባሌን ተመለከቱ። ልጅ ለእናቱ ይሰጣል፤ ያ ሳይሆን አይቀርም ያሰቡት። «የልጄ ከሆነ...» ብለው ጀመሩ።

«እትዬ አይሆኑም» አልኩ። «ባለፈው ወር ለሳል ከሱቃቸው ወስደዋል። ወንድማቸውም ለጥርሱ ወስዷል። ልጆቹም ለጉንፋን ተሰጥቷቸዋል። ካፕሱል ያልዋጠ ነው የሚፈለገው።»

«ታዲያ ከቤታችን ያልዋጠ ማን አለ?» አለ ባሌ። ሬዲዮ በአቅራቢያው ስላልነበረ ነው የተናገረው።

ራሴን ሲያመኝ በሻሽ አስሬ እተኛለሁ እንጂ ከዚያ ሱቅ አንድ ፍሬ እንዳልገዛሁ፣ በነጻም ተሰጥቶኝ እንዳልተቀበልኩ ሦስቱም ያውቃሉ። ስለ ኩራቴ ሲያሙኝ ነው የኖሩት። አንድ በአንድ ዞረው ወደ እኔ ተመለከቱ። እጆቼን በካፖርቴ ኪስ አድርጌ ቆሜያለሁ።

«ትልም የለብኝ» አልኩ። «ራሴ አይቼዋለሁ።»

ዶክተሩ ጆሮውን ጎተተ፤ ሳቁን ለመደበቅ ይመስለኛል። እውነቱን ለመናገር አፉን ሲከፍት አማቴ ቀደሙት።

«ይኼ ቱቦ የሚመጣው መቼ ነው?»

«እማማ፣ እንደዚያ አይደለም። ካፕሱሉን ከተዉ፣ የታዘዘልዎትን ከጨረሱ፣ ያለ ቱቦ የመዳን ዕድልዎ ጥሩ ነው። ካልተዉ ግን...»

«ካልተውኩ የእሷ ነው?»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የአልጋውን ብረት አየሁ። «ለጊዜው ይተዉ» አለ፤ ከዚህ በላይ ምንም አላለም። ዶክተርነቱን ያከበርኩት ያን ቀን ነው።

አማቴ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰደዱ። ቋጠሮውን በጣታቸው መፍታት አቃታቸው። እትዬ ልታግዛቸው ስትጠጋ እጇን ገፉት። በጥርሳቸው ፈቱት። ካፕሱሎቹን አንድም ሳያስቀሩ በዶክተሩ መዳፍ ላይ አራገፉ። ከዚያ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ዳግመኛ እንዳታመጪልኝ» አሏት። «ይቺ ሴትዮ ሆዴ ውስጥ ገብታ ልትኖር ነው እንዴ?»

እትዬ የነጠላዋን ጥለት ማስተካከል ጀመረች። ከየት እንደመጣላቸውም በዚያው ታወቀ፤ ዶክተሩ ካፕሱሎቹን በኪሱ ከቶ እሷን አየት አድርጎ ወጣ።

የታዘዘላቸውን ጨረሱ። አንድም ቀን አላጓደሉም፤ ጠዋት ጠዋት ወደ እኔ በጎን እያዩ ነው የሚውጡት። ባቄላ፣ ጎመን፣ ገብስ ሲሏቸው በሉ። ተቅማጡ ቆመ፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። ብዙ ዓመት ኖሩ፤ በዕድሜያቸው ብዛት፣ በእንቅልፍ ልባቸው ነው ያረፉት።

ለቀስተኛው ያዳናቸው እግዚአብሔርና ዶክተሩ ነው ሲል አልተቃወምኩም። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። አማቴ ለሕይወታቸው ብለው ያልተዉትን ነገር፣ ከእኔ የሆነ ምንም ነገር ሆዳቸው እንዳይገባ ብለው ተዉት። ንቀታቸው አዳናቸው። የባሌ ቤተሰብ ከእኔ የወሰደው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ አንድ ቀንም አላመሰገኑኝም።